የቃላት መሰላል እንደ ግራፍ፤ አጭሩን መንገድ ስለ መፈለግ

የቃላት መሰላል የሚባለው ጨዋታ ደንቡ አጭር ነው። በፊደል ቍጥር እኩል የሆኑ ሁለት ቃላት ይሰጣሉ። ተጫዋቹ በእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ፊደል ብቻ እየለወጠ ከመጀመሪያው ቃል ተነሥቶ ወደ መጨረሻው ይደርሳል። በመካከል የሚረግጣቸው ሁሉ በመዝገበ ቃላት የተመዘገቡ ቃላት መሆን አለባቸው። ጨዋታውን የፈጠረው በብዕር ስሙ ሉዊስ ካሮል ተብሎ የሚታወቀው የኦክስፎርዱ የሒሳብ መምህር ቻርልስ ዶጅሰን ነው። ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1877 በገና ሰሞን ሲሆን፣ በ1879 ደግሞ «ቫኒቲ ፌር» በተባለው የለንደን መጽሔት ለአንባብያን ቀርቧል።

ጨዋታው የልጆች መዝናኛ ቢመስልም መዝገበ ቃላት ለሚያዘጋጅ ሰው ሁለት ከባድ ጥያቄዎችን ያስነሣል፤ «ቃል የምንለው ምንድን ነው?» እና «አንድ እርምጃ የምንለው ምንድን ነው?» የሚሉትን። በዚህ ጽሑፍ «ከበደ» ከሚለው ግሥ ተነሥተን ተቃራኒው ወደ ሆነው ወደ «ቀለለ» የሚያደርሰውን አጭር መሰላል እንፈልጋለን። በፍለጋውም የስሌቱ ክፍል ቀላል፣ ውሳኔው ግን የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

1. ስለ ስያሜዎቹ

በሒሳብ «ግራፍ» የሚባለው የነገሮች ስብስብና በነገሮቹ መካከል ያለው ግንኙነት በአንድነት ሲታዩ ነው። ተማሪዎች በትምህርት ቤት ግራፍ ሲሉ በሁለት ዘንጎች መካከል የሚሣለውን መስመር ማለታቸው ስለ ሆነ፣ ተርጓሚ ሁለቱን እንዳያምታታ መጠንቀቅ ይገባዋል። «መረብ» የሚለው ቃል ለሌላ ጽንሰ ሐሳብ ተይዟልና እኛ «ግራፍ» የሚለውን የውሰት ቃል እንዳለ አቆይተነዋል። በግራፉ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር «አንጓ»፣ ሁለት አንጓዎችን የሚያያይዘውን ደግሞ «አገናኝ» ብለነዋል። የእንግሊዝኛው ቃል ጠርዝን የሚያመለክት ስለ ሆነ «ጠርዝ» ብለው የሚተረጕሙ አሉ። ነገር ግን ጠርዝ በአማርኛ የአንድ ነገር ዳር ነው እንጂ ሁለት ነገሮችን የሚያያይዝ አይደለም። በአንድ አገናኝ የተያያዙ ሁለት አንጓዎች «ጎረቤት» ይባላሉ።

በቃላት መሰላል ረገድ እያንዳንዱ ቃል አንጓ ነው። በአንድ ቦታ ባለ አንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ሁለት ቃላት ጎረቤቶች ናቸው። መሰላሉ እንግዲህ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚኬድበት መንገድ ነው። አጭሩ መሰላል ማለትም በሁለት አንጓዎች መካከል አገናኞቹ ከሁሉ ያነሡበት መንገድ ማለት ነው።

2. ግራፉን ስለ መሥራት

ለምሳሌያችን የሚከተሉትን 23 ግሦች እንወስዳለን፤ ከበደ፣ ከበረ፣ ከበበ፣ አበደ፣ አበበ፣ ቀበረ፣ ሰበረ፣ ነበረ፣ ከሰረ፣ ከመረ፣ ከተበ፣ ቀጠረ፣ ቀመረ፣ ሰበከ፣ ነገረ፣ ከሰለ፣ ቀጠለ፣ ቀጠነ፣ ከለለ፣ ቀለለ፣ ቀለበ፣ ቀረበ፣ ወደደ።

ጎረቤቶችን ለማግኘት ፊት የሚመጣው ሐሳብ እያንዳንዱን ቃል ከእያንዳንዱ ጋር ማነጻጸር ነው። ለ23 ቃላት 253 ንጽጽር ብቻ ስለሚያስፈልግ ይህ አይከብድም። ቃላቱ 20,000 ቢሆኑ ግን ንጽጽሩ ወደ 200 ሚሊዮን ይጠጋል። ከዚህ የሚሻለው ዘዴ በካርድ ለሠራ የመዝገበ ቃላት ባለሙያ እንግዳ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ባለ ሦስት ፊደል ቃል ሦስት ካርዶች ይጻፋሉ፤ በእያንዳንዱ ካርድ ላይም አንዱ ፊደል በሰረዝ ይተካል። «ከበደ» ለምሳሌ «–በደ»፣ «ከ–ደ» እና «ከበ–» በሚሉ ሦስት መሳቢያዎች ውስጥ ይገባል። በአንድ መሳቢያ ውስጥ የተገናኙ ቃላት ሁሉ እርስ በርሳቸው ጎረቤቶች ናቸው። «–በረ» በሚለው መሳቢያ ከበረ፣ ቀበረ፣ ሰበረና ነበረ ይገናኛሉ፤ ከአራቱም ስድስት አገናኞች ይወጣሉ። በዚህ ዘዴ ለ20,000 ቃላት የሚያስፈልገው 60,000 ካርድ ብቻ ነው።

ካርዶቹ ሲደለደሉ «ወደደ» ከማንም ጋር ሳይገናኝ ብቻውን ይቀራል። እንዲህ ያለውን ነጠላ አንጓ እንደ ስሕተት መቍጠር አይገባም። ዶናልድ ክኑት እ.ኤ.አ. በ1993 ለሕትመት ባበቃው ሥራ 5,757 ባለ አምስት ፊደል የእንግሊዝኛ ቃላትን በዚህ ደንብ አገናኝቶ 14,135 አገናኞች አግኝቷል። ያም ሆኖ 671 ቃላት አንድም ጎረቤት አልነበራቸውም። ነጠላነቱ ግን የቃሉ ጠባይ ሳይሆን የዝርዝሩ ጠባይ ነው። በእኛ ዝርዝር ውስጥ «ወደቀ» ቢጨመር «ወደደ» ወዲያውኑ ጎረቤት ያገኛል።

3. በእርከን ስለ መፈለግ

መሰላል የሚፈልግ ሰው ብዙ ጊዜ የሚከተለው ዘዴ በየእርምጃው ወደ መድረሻው ይበልጥ የሚመስለውን ቃል መምረጥ ነው። ይህ ዘዴ በምሳሌያችን ገና በመነሻው ይሰናከላል። «ከበደ» እና «ቀለለ» በሦስቱም ፊደሎች ይለያያሉ። የ«ከበደ» ጎረቤቶች የሆኑት ከበረ፣ ከበበና አበደም እንዲሁ በሦስቱም ፊደሎች ከመድረሻው ይለያያሉ። ከሦስቱ አንዱም ወደ ግቡ አያቀርብም፤ ስለዚህ በመምሰል ብቻ የሚመራ ፈላጊ የትኛውን እንደሚመርጥ አያውቅም።

የተሻለው ዘዴ ምርጫን ትቶ ሁሉንም በእኩል ርቀት ማስኬድ ነው። መነሻው ቃል እርከን 0 ይባላል። የእርሱ ጎረቤቶች ሁሉ እርከን 1 ናቸው። የእነዚህ ጎረቤቶች ከሆኑት ውስጥ ቀደም ሲል ያልተመዘገቡት ደግሞ እርከን 2 ይሆናሉ፤ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ኤድዋርድ ሙር እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ጽሑፍ ይህንኑ ዘዴ ከተወሳሰበ መተላለፊያ የሚወጣበትን አጭር መንገድ ለማግኘት ተጠቅሞበታል። በእኛ ዝርዝር ላይ ሲሠራ ውጤቱ የሚከተለው ነው።

እርከን 0፦ ከበደ
እርከን 1፦ ከበረ፣ ከበበ፣ አበደ
እርከን 2፦ ቀበረ፣ ሰበረ፣ ነበረ፣ ከሰረ፣ ከመረ፣ አበበ፣ ከተበ
እርከን 3፦ ቀጠረ፣ ቀመረ፣ ሰበከ፣ ነገረ፣ ከሰለ
እርከን 4፦ ቀጠለ፣ ቀጠነ፣ ከለለ
እርከን 5፦ ቀለለ

በአሠራሩ ሁለት ነገሮችን ልብ ማለት ይገባል። አንደኛው፣ አንድ ቃል በተገኘበት ቅጽበት «ተገኝቷል» ተብሎ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። «አበበ» ለምሳሌ ከ«ከበበ»ም ከ«አበደ»ም በኩል ይደረስበታል፤ ምልክቱ ከሌለ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። ከዚህም የከፋው ፍለጋው ከ«ከበረ» ወደ «ከበደ»፣ ከ«ከበደ» ወደ «ከበረ» እየተመላለሰ ማለቂያ ማጣቱ ነው። በአንድ እርከን ውስጥ ቀድሞ የታየ ቃል ተመልሶ ቢገኝ ምልክቱ እንደ ተዘነጋ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው፣ በእያንዳንዱ ቃል ጎን ከየትኛው ቃል እንደ መጣ መጻፍ አለበት። መድረሻው ሲገኝ መሰላሉ የሚነበበው ይህንኑ ማስታወሻ ወደ ኋላ በመከተል ነውና።

ማስታወሻውን ወደ ኋላ ስንከተል የሚከተለውን እናገኛለን፤ ከበደ፣ ከበረ፣ ቀበረ፣ ቀጠረ፣ ቀጠለ፣ ቀለለ። እርምጃዎቹ አምስት ናቸው። የመጣበትን አንድ ቃል ብቻ ሳይሆን ሊመጣ የሚችልባቸውን ሁሉ ብንመዘግብ በርዝመት እኩል የሆነ ሌላ መሰላል እናገኛለን፤ ከበደ፣ ከበረ፣ ከሰረ፣ ከሰለ፣ ከለለ፣ ቀለለ። ስለዚህ «አጭሩ መሰላል» አንድ ብቻ ነው ብሎ መናገር ስሕተት ነው። አንድ የሚሆነው ርዝመቱ ነው።

ከአምስት ያነሰ መንገድ እንደሌለ የምናውቀው እንዴት ነው? እያንዳንዱ እርከን ከመነሻው በዚያ ቍጥር እርምጃ የሚደረስባቸውን ቃላት አንድም ሳያስቀር ይይዛል። «ቀለለ» በአራት እርምጃ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ በእርከን 4 ውስጥ በታየ ነበር። በመምሰል የሚመራው ፈላጊ አምስት እርምጃ ያለውን መሰላል በዕድል ሊያገኝ ይችላል፤ አጭሩ መሆኑን ግን ሊያስረዳ አይችልም። በእርከን የሚፈልገው መልሱን ከነማስረጃው ያገኛል። አዲስ እርከን ባዶ ሆኖ ቢገኝም መሰላል የለም ማለት ነው፤ ይህም እንዲሁ ማስረጃ ያለው መልስ ነው።

ሦስት ፊደል ለመለወጥ አምስት እርምጃ ለምን አስፈለገ? በመጀመሪያው መሰላል ያለው «ረ» በመነሻውም በመድረሻውም የለም። በመካከል የገባው «ጠ»ም እንዲሁ ነው። ሁለቱ ትርፍ እርምጃዎች የወጡት በእነዚህ ተሻጋሪ ፊደሎች ላይ ነው። «ከበደ» በቀጥታ ወደ «ቀበደ»፣ ወደ «ከለደ» ወይም ወደ «ከበለ» መሻገር ቢችል ኖሮ መንገዱ ሊያጥር ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሦስቱም በዝርዝራችን የሉም።

4. ዝርዝሩ መልሱን ይወስናል

እስከዚህ ድረስ ሥራው የስሌት ነበር። አሁን ግን መዝገበ ቃላት ወደሚያዘጋጀው ሰው እንምጣ። «ተቀበለ» የሚለውን ግሥ ሁሉም ያውቀዋል። «ተ» የወጣለት «ቀበለ» ግን በተለመደው የአማርኛ አነጋገር ብቻውን አይነገርም። ቃላትን እንደሚነገሩ የሚያሰፍር መዝገበ ቃላት «ተቀበለ»ን በ«ተ» ሥር ያስቀምጣል፤ «ቀበለ» የሚል ርእሰ ቃልም አይኖረውም። ቃላትን በሥራቸው የሚያደራጅ መዝገበ ቃላት ግን «ተቀበለ»ን የሚያሳርፍበት ቦታ ያስፈልገዋልና «ቀበለ»ን ርእስ ሊያደርገው ይችላል።

ይህ አንድ ርእስ በግራፉ ውስጥ ሲገባ «ቀበለ» የ«ቀበረ» ጎረቤት ሆኖ በእርከን 3 ላይ ይመዘገባል። «ቀለለ»ም የእርሱ ጎረቤት ስለ ሆነ በእርከን 4 ይገኛል። መሰላሉ እንግዲህ ከበደ፣ ከበረ፣ ቀበረ፣ ቀበለ፣ ቀለለ ይሆናል። ርቀቱ ከአምስት ወደ አራት ዝቅ አለ፤ ባለ አምስት እርምጃ የነበሩት ሁለቱ መሰላሎችም አጭር መባላቸው ቀረ። ለዚህ ምክንያት የሆነው የአማርኛ ቋንቋ መለወጥ አይደለም። የተለወጠው የመዝገቡ አደረጃጀት ነው።

ከዚህ አንድ ጠቃሚ ደንብ ይወጣል። በዝርዝሩ ላይ ቃል መጨመር ርቀትን ሊያሳጥር ወይም እንዳለ ሊተው ይችላል፤ ሊያስረዝም ግን ከቶ አይችልም። ቃል መቀነስ ደግሞ ርቀትን ሊያስረዝም ወይም መንገዱን ጨርሶ ሊቈርጥ ይችላል፤ ሊያሳጥር ግን አይችልም። ስለዚህ ሁለት ባለሙያዎች ለአንድ ጥንድ ቃላት የተለያየ ርቀት ቢያገኙ፣ ሁለቱም በአንድ የእርምጃ ደንብና በትክክል እስከ ሠሩ ድረስ፣ የልዩነቱ ምንጭ ዝርዝሩ ነው። ርቀቱን አነስተኛ ያገኘው ሰው ሌላው የሌለው ቢያንስ አንድ ቃል አለው። ያም ቃል በመሰላሉ ላይ ስለሚታይ ተለይቶ ሊመረመር ይችላል። በዚህ ረገድ መሰላሉ አጠራጣሪ ርእሰ ቃላትን ለይቶ የማውጫ መሣሪያ ይሆናል ማለት ነው።

5. እርምጃው በምን ይለካ?

ሁለተኛው ውሳኔ የእርምጃው መለኪያ ነው። በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አንዱን ፊደል መለወጥ አንድ ምልክት መለወጥ ብቻ ነው። የእኛ ፊደል ግን ተነባቢንና አናባቢን በአንድነት ይይዛል። «ቤት» በአንድ እርምጃ «ሞት» ይሆናል፤ «ቤ» ወደ «ሞ» ሲለወጥ ግን ተነባቢውም አናባቢውም አብረው ተለውጠዋል። ይህን አንድ እርምጃ እንበለው ወይስ ሁለት?

ጠበቅ ያለውን መለኪያ እንሞክር፤ በአንድ እርምጃ የሚለወጠው ወይ የፊደሉ ቤተሰብ ወይ ድምፁ ብቻ ይሁን። በዚህ ደንብ «ቤ» ወደ «ሴ» ሊሻገር ይችላል፤ ሁለቱም ኃምስ ናቸውና። ወደ «ባ»ም ሊሻገር ይችላል፤ ሁለቱም የ«በ» ቤተሰብ ናቸውና። ወደ «ሞ» ግን በቀጥታ አይሻገርም። ከ«ቤት» ወደ «ሞት» ለመድረስ እንዲህ ያለ መንገድ ይገኛል፤ ቤት፣ ባት፣ ጣት፣ ጡት፣ ሙት፣ ሞት። አንድ የነበረው እርምጃ አምስት ሆነ። ይህን መሰላል በእጅ አገኘነው እንጂ አጭሩ መሆኑን አላረጋገጥንም። እንዲያውም «ቦት ጫማ» በሚለው ውስጥ ያለውን የውሰት ቃል «ቦት»ን መዝገቡ ከተቀበለው ቤት፣ ቦት፣ ሞት የሚል ባለ ሁለት እርምጃ መሰላል ይገኛል። ቤተሰቡም ድምፁም መለወጥ ስላለባቸውና በአንድ እርምጃ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ስለሚለወጥ ከሁለት በታች መውረድ አይቻልም። የውሰት ቃላትን የመቀበልና ያለመቀበል ጥያቄ በዚህም በኩል ተመልሶ ይመጣል።

በጠባቡ መለኪያ አንድ እርምጃ የሆነ ሁሉ በሰፊውም መለኪያ አንድ እርምጃ ነው፤ ተቃራኒው ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ስለዚህ በጠባቡ መለኪያ የሚገኘው ርቀት ምንጊዜም ከሰፊው ጋር እኩል ነው ወይም ይበልጣል። የ23ቱ ግሦች ግራፍ ግን በሁለቱም መለኪያዎች አንድ ዓይነት ነው። ግሦቹ በሙሉ በሦስቱም ቦታ ግዕዝ ድምፅ ስላላቸው በመካከላቸው የሚለወጠው ምንጊዜም ቤተሰብ ብቻ ነውና። በኀላፊ ጊዜ የሚሰፍሩ ባለ ሦስት ፊደል ግሦች በርካታ ጎረቤቶች የሚኖራቸውም አንድ የድምፅ ቅርጽ ስለሚጋሩ ነው። ከግሥ ወደ ስም መሻገር ግን አስቸጋሪ ነው። ከ«ሰበረ» ወደ «ሰባራ» ለመሄድ ሥሩ አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት ፊደሎች መለወጥ አለባቸው። በግራፉ ላይ የሚታየው ርቀት የቅርጽ ርቀት ነው እንጂ የትርጕም ወይም የዝምድና ርቀት አይደለም።

አንድ ባለሙያ ቤተሰብ መለወጥን ከድምፅ መለወጥ ይበልጥ ውድ አድርጎ ሊቈጥር ቢፈልግ፣ ለምሳሌ ለአንዱ 2 ለሌላው 1 ዋጋ ቢሰጥ፣ የእርከን ዘዴ ትክክለኛውን መልስ መስጠቱን ያቆማል። የእርከን ዘዴ የሚሠራው እርምጃዎች ሁሉ እኩል ዋጋ ሲኖራቸው ብቻ ነው። ዋጋው ሲለያይ በየጊዜው እስካሁን ከተደረሰባቸው አንጓዎች ውስጥ ድምር ዋጋው ከሁሉ ያነሰውን እያነሣ የሚቀጥለውን፣ ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ያቀረበውን ዘዴ መጠቀም ያስፈልጋል።

6. ስለ ሞክሼ ፊደላት

የመጨረሻው ጉዳይ በድምፅ አንድ የሆኑት ፊደላት ናቸው። በዝርዝራችን «ከሰረ»ን አንድ ጸሐፊ በንጉሡ ሠ «ከሠረ» ብሎ መዘገበው እንበል። «ከሠረ» እና «ከሰለ» አሁን በሁለት ፊደል ስለሚለያዩ አገናኛቸው ይቈረጣል። ከሁለቱ ባለ አምስት እርምጃ መሰላሎች አንዱም ይጠፋል፤ የጠፋውም ለአንባቢ ጆሮ በማይሰማ ልዩነት ነው። በሌላ በኩል ሁለቱም አጻጻፎች ቢመዘገቡ አንድ ቃል ሁለት አንጓ ይሆናል፤ ከራሱ ወደ ራሱ የሚደረግ የሐሰት እርምጃም ይፈጠራል።

መፍትሔው ካርዶቹ በመሳቢያ ከመደልደላቸው በፊት ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ለፍለጋ ብቻ ወደ አንድ ቅርጽ መመለስ ነው። የተመረጠው የፊደል አጻጻፍ በካርዱ ላይ እንደ ተጠበቀ ይቈያል፤ ፍለጋው ግን በተስተካከለው ቅርጽ ይካሄዳል። ማስተካከያው መዘንጋቱን ለማወቅ በመሰላሉ ላይ ሲነበቡ አንድ ዓይነት ድምፅ የሚሰጡ ሁለት ተከታታይ ቃላት መኖራቸውን ማየት ይበቃል።

ስለዚህ የሁለት ቃላትን ርቀት የሚገልጽ ሰው ከቍጥሩ ጋር ሦስት ነገሮችን ማስፈር ይኖርበታል፤ የተጠቀመበትን የርእሰ ቃላት ዝርዝር፣ የእርምጃውን መለኪያና ሞክሼ ፊደላትን የያዘበትን ሁኔታ። እነዚህ ሲሰፍሩ ከ«ከበደ» እስከ «ቀለለ» አምስት እርምጃ ነው የሚለውም፣ አራት ነው የሚለውም ባለሙያ ትክክል ሊሆን ይችላል። በሁለቱ መካከል ያለው ክርክርም ስለ ስሌት መሆኑ ቀርቶ «ቀበለ» ርእሰ ቃል ነው ወይስ አይደለም ወደሚለው ጥያቄ ይመለሳል።